ኪራይና ብድር አንድ ትከሻ ላይ

ካፌ የሚከፍት ሰው ብድር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወለዱ ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከወለዱ በፊት ቋሚ ወጪው ይታይ ባይ ነኝ። ለምሳሌ ብቻ በያዝኳቸው ቁጥሮች አብረን እናስላ።

አንድ ካፌ በወር 400,000 ብር ይሸጣል እንበል። ቡና፣ ወተት፣ ስኳርና ዱቄት ከሽያጩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉ ወጪዎች ናቸው፤ 240,000 ይሁኑ። ኪራይና ደሞዝ ደግሞ ደንበኛ መጣም ቀረም 120,000 ነው። 40,000 ትርፍ ቀረ። የባንክ ወለድ 20,000 ሲከፈል ለባለቤቱ 20,000 ይተርፈዋል።

አሁን ሽያጩ በ10 በመቶ ብቻ ይውረድ። (ሁዳዴ ሲገባ ማኪያቶና ኬክ ለሚሸጥ ቤት ይሄ ብርቅ አይደለም።) ሽያጩ 360,000፣ ተለዋዋጩ ወጪ 216,000 ይሆናል። ኪራዩ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ከወለድ በፊት ያለው ትርፍ ከ40,000 ወደ 24,000 ይወርዳል። 10 በመቶው 40 በመቶ ሆነ፤ ኦፕሬቲንግ ሌቨሬጅ የሚባለው ይሄ ነው። ወለዱም እንደ ኪራዩ ጾም አያውቅም። 20,000ው ሲቀነስ ለባለቤቱ የምትቀረው 4,000 ብር ናት፤ ትርፉ በ80 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ይሄኛው የፋይናንሺያል ሌቨሬጅ ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱ አይደመሩም፤ ይባዛሉ። 4 ሲባዛ በ2፣ 8 እጥፍ!

ገበያው በ10 በመቶ ሲጨምርም ትርፉ በዚያው ልክ ዘሎ 36,000 ይገባል። ሰው በብድር የሚደፋፈረው እንዲህ ያለውን ወር እያየ ነው።

አጠገቡ ያለው ካፌ ደግሞ ኬክ አይጋግርም፣ ከሌላ ቤት በቁጥር ይረከባል። ቤቱ ጠባብ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነው። ተለዋዋጭ ወጪው 320,000፣ ቋሚው 40,000 ቢሆን ትርፉ ያው 40,000፣ ወለዱም ያው 20,000 ነው እንበል። ሽያጩ በ10 በመቶ ሲወርድ ግን ከወለድ በኋላ 12,000 ይቀረዋል። ብድሩ አንድ ነው፤ የተሸከመው ትከሻ ግን ይለያያል።

ደግሞ ይሄ 8 እጥፍ ባለበት አይቆምም፤ ትርፍ እየሳሳ ሲሄድ እሱ ያድጋል። የመጀመሪያው ካፌ ሽያጭ በሚቀጥለው ወር ሌላ 10 በመቶ ቢወርድ ከወለድ በፊት 9,600 ብር ብቻ ይኖረዋል። ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፣ 10,400 ይከስራል።

ስለዚህ ኪራይ የከበደው ሰው መስፋፋት ቢያምረው ከባንክ ይልቅ ሸሪክ ይፈልግ ነው የምለው። ሸሪክ በደጉ ወር ትርፍ ይካፈላል፣ እውነት ነው፤ በክፉው ወር ግን ወለድ አምጣ አይልም። እስካሁን የቆጠርነው ደግሞ ወለዱን ብቻ ነው። የብድሩ ዋና ገንዘብ በየወሩ የሚከፈለው ከዚያችው ከ4,000 ብሯ ላይ ነው።