የጽሕፈት ቤቱ ቻትጂፒቲ ስለ እናንተ ምን ይዟል?

ሰሞኑን አረካ ውስጥ ማመልከቻና ሲቪ ከሚጻፍባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ የዝውውር ማመልከቻ አስጻፍኩ። ልጁ ረቂቁን በቻትጂፒቲ አወጣልኝ። ሳነበው «ባለብኝ የኩላሊት ሕመም ምክንያት» ይላል። እኔ ስለ ጤናዬ ምንም አላወራሁም።

«አንዳንዴ ዝም ብሎ ይጨምራል» አለኝ ልጁ።

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ይቀባጥራል። ይሄ ግን ሌላ ነገር መሰለኝ። አብረን «Settings» ከፈትን፣ «Personalization» ውስጥ ገባን፣ «Manage memories» የሚለውን ነካን (አንዳንድ ስልክ ላይ «Manage» ብቻ ነው)። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ተጠቃሚው መምህር ነው፣ ተጠቃሚው ዝንጅብል ይነግዳል፣ ተጠቃሚው ኩላሊቱን ያመዋል። ሦስት ደንበኞች ናቸው። አካውንቱ ግን የባለቤቱ አንድ አካውንት ስለሆነ ለማሽኑ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው።

እዚያ የሚቀመጠው ጠቅላላ ንግግሩ አይደለም። ይጠቅመኛል ብሎ የመረጠው ጭማቂ ነው። አስታውስ ባይባልም ራሱ ሊመዘግብ ይችላል። ሲመዘግብ «Memory updated» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ወረፋ ባለበት ቤት ማን ያየዋል?

ልጁ ጥንቁቅ ነው፤ ማታ ማታ ቻቶቹን ያጠፋል። ግን ቻት ማጥፋት የተመዘገበውን መስመር አይነካም። ሁለቱ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። መስመሩን ብቻ አጥፍቶ ቻቱን መተውም አይበቃም፤ ወሬው ቻቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከመስመሩ አጠገብ ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት መንካት፣ ከዚያ ወሬው የተወራበትን ቻት ፈልጎ ማጥፋት ያስፈልጋል። ማስታወሻውን «ኦፍ» ማድረግም ማጥፋት አይደለም፤ መጠቀሙን ያቆማል እንጂ የተጻፈው እዚያው ይቆያል። ኦፕንኤአይ ራሱ የጠፋ ማስታወሻን መዝገብ እስከ 30 ቀን ሊያቆይ እንደሚችል ይናገራል።

ሌላም አለ። ከሚያዝያ 2025 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ አገልግሎቱ የቆዩ ቻቶችንም እያየ መልስ መስጠት ጀምሯል። ይሄኛው በዚያ ዝርዝር ውስጥ መስመር በመስመር አይታይም። መዝጊያው «Reference chat history» የሚለው ነው። ዝርዝሩ ባዶ ነው ማለት ምንም አያስታውስም ማለት አይደለም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የደንበኛው አይደለም። የሰው ምስጢር እየሰማ ገንዘብ የሚቀበል ቤት ሁለቱንም ማስታወሻዎች መዝጋት፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛም «Temporary» ቻት መክፈት አለበት። እሱ ከማስታወሻ አያነብም፣ ማስታወሻ ላይም አይጽፍም። ኩባንያው ግን ቅጂውን ለደህንነት ሲል እስከ 30 ቀን ሊይዝ ይችላል።

የኩላሊቱን መስመር አጠፋነው። ቻቱን ግን ልጁ ቀድሞ አጥፍቶት ነበር፤ ባለ ሕመሙ ማን እንደሆነ እሱም አያስታውስም። ሰውየው ወሬው እዚያ ቁጭ ብሎ እንደነበር እስካሁን አያውቅም።