«አያይዣለሁ» ብላችሁ ከሆነ

ባለፈው ክረምት ለልጆች ለተዘጋጀ የሥዕል ሥልጠና፣ ከመሥሪያ ቤት ኢሜይሌ ለወላጆች ጥሪውን የላክሁት እኔ ነበርኩ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ አርሜዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቅጹን ልከፍት ብነካው ፈቃድ ጠይቂ ይለኛል» አሉኝ። እኔ ስነካው ያለ ችግር ይከፈታል። ኢሜይሌን ሳይ ግን የወላጆች የፈቃድ ጥያቄ ተደርድሯል። ቦታው 20 ብቻ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ የዚያኑ ቀን ማታ ይዘጋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል እስክትቀይሩት ድረስ «Restricted» ነው፤ ከእናንተና እናንተ ከፈቀዳችሁለት ሰው በስተቀር ለማንም አይከፈትም። እኔ በራሴ አካውንት ስለገባሁ ለእኔ ይከፈታል። ስለዚህ ሊንኩን እኔው መንካቴ ምንም አላረጋገጠልኝም።

ደግነቱ «Share» ውስጥ ገብቼ «Anyone with the link» ስለው፣ ቀድሞ የተላከው ሊንክ ያው ሆኖ ለሁሉም ተከፈተ። የረሳሁት አባሪ ፋይል ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛ ኢሜይል ከመላክ በቀር መላ አልነበረውም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ እንዲህ የተከፈተን ሊንክ ያገኘ ሁሉ ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል። የልጆች ስምና የወላጅ ስልክ ያለበት ዝርዝር ከሆነ በዚህ መንገድ አትክፈቱት።

ከዚያ ወዲህ ልማዴን ቀይሬያለሁ። የተቀባዩን አድራሻ የምሞላው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጣቴ ቢያመልጠኝ እንኳ ኢሜይሉ አይሄድም። ከዚያ ጽሑፉን ስሕተት ለማረም ሳይሆን ቃል የገባሁትን ለመልቀም ብቻ አነበዋለሁ። «አያይዣለሁ» ያልኩበት ቦታ ፋይሉን ከፍቼ የዘንድሮው መሆኑን አያለሁ። «እዚህ ይጫኑ» ያልኩበትን ሊንክ ደግሞ ገልብጬ፣ አካውንቴ በማያውቀው የብሮውዘር መስኮት እከፍተዋለሁ፤ ክሮም ላይ «New Incognito window» የሚለው ነው። ፋይሉን ከመክፈት ይልቅ «Sign in» ካለኝ ሊንኩ ለወላጆችም አልተከፈተም ማለት ነው።

በመጨረሻ «ይመዝገቡ» ያልኩበትን አያለሁ። እስከ መቼ? «እስከ ዓርብ» አይበቃም፤ የትኛው ዓርብ? «በ3 ሰዓት» ካልኩም «ከጠዋቱ» እጨምራለሁ፤ ውጭ አገር ያለ አባት 3 ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊረዳው ይችላልና።

ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «Settings» ውስጥ «Undo Send» የሚለውን ከ5 ሰከንድ ወደ 30 አድርጉት። የረሳነው ነገር ትዝ የሚለን ብዙ ጊዜ ልክ ከላክን በኋላ ነው።