ከትርጉም በፊት የሚደረግ የማስመሰያ ትርጉም

አንድ የስልክ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ሲወጣ በመካከሉ እንግሊዝኛ ብቅ ቢል፣ ወይም በአዝራሩ ላይ ያለው ቃል ግማሹ ተቆርጦ ቢታይ፣ ወቀሳው በአብዛኛው የሚወርደው በተርጓሚው ላይ ነው። በእኛ እምነት ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያላግባብ ነው። ተርጓሚው የሚደርሰው የጽሑፎቹ ዝርዝር ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው በኮዱ ውስጥ ቀብሮ ያስቀረውን ቃል ሊያየው አይችልም።

ጉድለቱን ተርጓሚ ሳይጠራ አስቀድሞ ማግኘት ይቻላል። በአንድሮይድ የ`build.gradle` ፋይል፣ በ`debug` ክፍል ውስጥ፣ ይህን አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፦

```
pseudoLocalesEnabled true
```

ከዚያም የስልኩ ቋንቋ `English (XA)` ይደረጋል። ይህ የማንም ቋንቋ አይደለም። `Delete` የሚለው ቃል `[Ðéļéţé one]` የሚመስል መልክ ይይዛል፤ ይነበባል፣ ግን ፊደሎቹ ምልክት ለብሰዋል፣ ርዝመቱ ጨምሯል፣ ዳርና ዳሩም በቅንፍ ታጥሯል። እንግዲህ በማያው ላይ ምልክት ሳይለብስ የቀረ የፕሮግራሙ ቃል ካለ በኮዱ ውስጥ የተቀበረ ነው። የመዝጊያው ቅንፍ ካልታየ ደግሞ ቦታው ጠቧል ማለት ነው። ተጠቃሚው ራሱ የጻፈው ስም ሳይለወጥ ቢታይ ግን ስሕተት አይደለም።

ቅንፉ ለአማርኛ ይበልጥ የሚጠቅምበት ሌላ ጉዳይ አለ። ፋይል ከመሰረዙ በፊት የሚቀርበው ጥያቄ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦

```
getString(R.string.delete) + " " + name + "?"
```

በማስመሰያው ቋንቋ ቃሉ በቅንፍ ውስጥ ሲሆን የፋይሉ ስም ከቅንፉ ውጭ ይቀራል። ይህም ዓረፍተ ነገሩ ከቁርጥራጭ እንደተገጣጠመ ያጋልጣል። እንግሊዝኛ ግሱን ስለሚያስቀድም ግጥምጥሙ አያስታውቅም። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚውል ተርጓሚው የቱንም ያህል ቢጠበብ «ሰርዝ ማስታወሻ?» ከሚል የተሰበረ አነጋገር አያመልጥም። መፍትሔው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር `Delete %1$s?` ብሎ በ`strings.xml` ውስጥ ማስፈር ነው። ያን ጊዜ ተርጓሚው `%1$s ይሰረዝ?` ብሎ ስሙን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በሙከራውም ስሙ ከቅንፉ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ይህን ሙከራ ያላለፈ ፋይል ለተርጓሚ ሊላክ አይገባም እንላለን። ሃያ ቋንቋ ከተተረጎመ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ማስተካከል ሃያ ተርጓሚዎችን ዳግም መጥራት ነውና።

ሙከራው የሚያሳየው ግን የተከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። ማከማቻው ሲሞላ ብቻ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ፣ ማከማቻው እንዲሞላ ካልተደረገ፣ ተደብቆ ያልፋል። ምልክት የለበሱት ፊደላትም የላቲን ስለሆኑ፣ ሰፋፊዎቹ የግዕዝ ፊደላት በአዝራሩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ የሚታወቀው እውነተኛው አማርኛ ገብቶ በዓይን ሲታይ ነው።