20 በመቶ የያዘ ሰው መብቱን የት ያስጽፍ?

በሰሜን ለንደን ሳውዝጌት በሚባለው ሰፈር አንድ የአፓርታማ ሕንፃ ነበር። ሕንፃው የአንድ ትንሽ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ኩባንያው ደግሞ የአንድ ወንድምና የሁለት እህቶቹ። እያንዳንዳቸው 100፣ በድምሩ 300 አክሲዮን ነበራቸው። እህቶቹ በወንድማቸው አሠራር ተማረሩና ከዳይሬክተርነት ሊያነሡት ስብሰባ ጠሩ። ሕጉ ዳይሬክተር በተራ ውሳኔ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ፣ ሊነሣ ይችላል ይላል። 200 ለ100 ሆነው ስለገቡ ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል።

ወንድሙ ግን የኩባንያውን መተዳደሪያ ደንብ ገለጠና 9ኛውን አንቀጽ አሳየ። አንድን ዳይሬክተር ለማንሣት ሐሳብ ሲቀርብ፣ የዚያ ዳይሬክተር እያንዳንዱ አክሲዮን በዚያ ጉዳይ ላይ ሦስት ድምፅ ይኖረዋል ይላል። ስለዚህ 300 ለ200 አሸነፈ። ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ ቡሼል እና ፌይዝ በሚል ስም የሚታወቀው ፍርድ ለወንድሙ ወጣ፤ የተቃወሙት አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው። ሕጉ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ እንጂ እያንዳንዱ አክሲዮን ስንት ድምፅ እንዳለው አይወስንም፤ ያንን የሚወስነው ደንቡ ነው ተባለ።

ይህን ፍርድ የሚያነሡ ብዙዎች ሦስት እጥፍ ድምፁን ያደንቃሉ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ያ ቃል የተጻፈበትን ቦታ። ሦስቱ ወገኖች ያንኑ ቃል በባለአክሲዮኖች ስምምነት ላይ ብቻ ቢያሰፍሩት ኖሮ ወንድሙ የቆመበት መሬት ሌላ ይሆን ነበር። ጥቂት ድርሻ የያዘ ሰው ከሁለቱ ሰነዶች አንዱን ብቻ ይዞ ተማምኖ መተኛት የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

መተዳደሪያ ደንብ የኩባንያው ሕገ መንግሥት ነው። በእንግሊዝ የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት ኩባንያውንም አባላቱንም፣ ሁሉም እንደፈረሙበት ውል አድርጎ ያስራል። ትናንት አክሲዮን ገዝቶ ስሙ በአባላት መዝገብ የገባ ሰው ደንቡን አንብቦት አያውቅም ይሆናል፤ ቢሆንም ይገዛበታል። በውስጡ የሚገኘው ዳይሬክተሮች እንዴት እንደሚሾሙና እንደሚወስኑ፣ ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ ይኖረው እንደሆነ፣ አክሲዮን እንዴት እንደሚወጣና እንደሚተላለፍ፣ የትርፍ ድርሻ እንዴት እንደሚታወጅ፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ነው። መሥራቾቹ የራሳቸውን ደንብ ካላስመዘገቡ መንግሥት ያዘጋጀው ሞዴል ደንብ በራሱ ይተካል። ሞዴሉ ለተራ ሥራ አይከፋም፤ ነገር ግን አንዱ ባለቤት ድርሻውን ልሽጥ ሲል በመጀመሪያ ለባልደረቦቹ ያቅርብ አይልም። ዳይሬክተሮች ዝውውሩን ለመመዝገብ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ዳይሬክተሮቹ ሻጩና ወዳጆቹ ከሆኑ ግን ይህ ምንም አይጠቅምም።

የባለአክሲዮኖች ስምምነት ተራ ውል ነው፤ የሚያስረው የፈረመውን ብቻ። ማን ይሠራል፣ ማን ገንዘብ ያበድራል፣ ትርፉ ስንት እጁ ይከፋፈላል፣ የወጣ ሰው ተፎካካሪ ንግድ መክፈት ይችላል ወይ፣ የሚለው ሁሉ እዚህ ይሰፍራል። እንዲህ ያለውን የግል ቃል ደንብ ውስጥ መክተት ትርፉ ድካም ነው። በ1876 በተፈረደ ጉዳይ የአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ደንብ አንድን ሰው ቋሚ ጠበቃ አድርጎ ሰይሞት ነበር። ሌላ ጠበቃ ሲቀጠርበት ከሰሰና ተሸነፈ፤ ደንቡ መብት የሚሰጠው ለአባል በአባልነቱ እንጂ በጠበቃነቱ አይደለም ተባለ።

ትልቁ ልዩነት ግን በአለዋወጥ ላይ ነው። ደንቡን 75 በመቶ ድምፅ ያለው ልዩ ውሳኔ ይለውጠዋል። ስምምነቱን ለመለወጥ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የፈረሙት ሁሉ መስማማት አለባቸው። ደንቡ አዲስ ለሚመጣው ሰው ጠንካራ፣ ለብዙኃኑ ግን ደካማ ነው፤ ስምምነቱ የዚህ ግልባጭ።

ምሳሌ እናብጅ። ሦስት የአገራችን ልጆች ለንደን ውስጥ ቡና አስመጪ ኩባንያ ከፈቱ እንበል። አክሲዮኑ 100 ነው፤ ሁለቱ 40 40 ይዘዋል፣ ቡናውን የሚያውቀው ሦስተኛው 20። እርሱ ከዳይሬክተርነት እንዳይነሣ በስምምነት ፈረሙ፤ ደንቡ ግን ሞዴሉ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው 40ውን ለአጎቱ ልጅ ሸጠ። የአጎት ልጁ አልፈረመም። ሕጉ የሚጠይቀውን የ28 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ቡና አዋቂው ይነሣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ቀሪው ባለ 40 ቃሉን ጠብቆ ድምፅ ባይሰጥ እንኳ ውጤቱ 40 ለ20 ነው። ሰውየው ተነሣ። ስምምነቱ ሻጩን ገዢውን እንዲያስፈርም የሚያስገድድ ከሆነ ሻጩን ካሳ ይጠይቃል፤ ወንበሩ ግን አይመለስም።

እንግዲያው የሳውዝጌቱን አንቀጽ ገልብጦ ደንቡ ውስጥ ቢያስገባስ? ሦስት እጥፍ 60 ድምፅ ይሰጠዋል፤ 80ው ከተባበረበት አይበቃም። አምስት እጥፍ፣ ማለትም 100 ቢሆን ግን ይበልጣቸዋል። ይህም ብቻውን አያድነውም። ባለ 80ዎቹ 75 በመቶውን አልፈዋልና በመጀመሪያ አንቀጹን ከደንቡ ሰርዘው፣ ቀጥለው እርሱን ያነሣሉ። በሳውዝጌት እህቶቹ ይህን መንገድ መሄድ ያልቻሉት 200 ከ300 ሁለት ሦስተኛ እንጂ 75 በመቶ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ አምስት እጥፍ ድምፁ ያንኑ አንቀጽ ለመሻር በሚቀርብ ሐሳብ ላይም እንዲሠራ መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ታዲያ ስምምነቱ ምን ይሠራል? በሰሜን አየርላንድ ታይሮን ብሪክ የተባለው የጡብ ኩባንያ ታሪክ መልስ ይሰጣል። አራት የሥራ ኃላፊዎች፣ አንድ ባንክና ኩባንያው ራሱ በ1979 ሁሉም በጽሑፍ ካልፈቀዱ አዲስ ካፒታል አይፈጠርም ብለው ተፈራረሙ። በ1988 ቦርዱ ካፒታሉን ከ1,000 ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ለማሳደግ ሲነሣ ከኃላፊዎቹ አንዱ ከሰሰ። በ1992 የተሰጠው ውሳኔ ሁለት ገጽ አለው። ኩባንያው ሕግ የሰጠውን ሥልጣን አልጠቀምም ብሎ የገባው ቃል ዋጋ የለውም። ባለአክሲዮኖቹ ግን ድምፃቸውን እንዴት እንደሚሰጡ እርስ በርስ የተዋዋሉት ይጸናል። ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ ውል ላይ የፈረመን ሰው እንደ ውሉ ድምፅ እንዲሰጥ እስከ ማዘዝም ሊደርስ ይችላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ስምምነቱ የሚይዘው የሰዎቹን እጅ ነው፣ ያውም የፈረሙትን።

ባለ 20ው ሁለቱን ሰነዶች አንድ ቦታ ላይ ማያያዝ ይችላል። ደንቡ፣ ገዢው በነባሩ ስምምነት ካልፈረመ ዳይሬክተሮች ዝውውሩን እንዳይመዘግቡ ይከልክል፤ ይህን አንቀጽ ለመሻር በሚቀርብ ሐሳብ ላይም አምስት እጥፍ ድምፁ ይሥራ። ያኔ የአጎት ልጁ ሳይፈርም አባል ሆኖ ድምፅ መስጠት አይችልም። አንዳንድ ጠበቆች ሁለቱ ሲጋጩ ስምምነቱ ይበልጣል የሚል ሐረግ ጨምረው ሥራው ያለቀ ያስመስሉታል። ያ ሐረግ የሚሠራው በፈራሚዎች መካከል ብቻ ነው፤ ለኩባንያው መዝገብና ላልፈረመ ሰው ደንቡ ደንብ ነው።

በእንግሊዝ የተመዘገበ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ልትገዙ ከሆነ፣ ደንቡን የኩባንያዎች መዝጋቢው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ስምምነቱ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ አይገኝም፤ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አምጣ በሉት።