የቅቤው ዋጋ ከየት ይመጣል? ቀረጥና ኮታ ማንን ይጠብቃሉ፣ ማንንስ ያስከፍላሉ?

በ2019 በእስራኤል ሱፐርማርኬቶች የቅቤ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ የሰነበተበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አገር ውስጥ የሚመረተው ባለ 100 ግራም ቅቤ ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ሲሆን ከ4 ሸቀል በታች ነበር። ነገር ግን አይገኝም። ከውጭ የመጣው ቅቤ በአንዳንድ ሱቆች ቢኖርም ዋጋው እጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ነበር። ለሽሮና ለገንፎ የሚሆን 2 ኪሎ ቅቤ ገዝታ የምታነጥር እናት በአገር ውስጡ ዋጋ 80 ሸቀል ገደማ ይበቃት የነበረ ሲሆን፣ በውጭው ቅቤ ግን 160 ሸቀልና ከዚያ በላይ መክፈል ነበረባት። ርካሹ ቅቤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሆነ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር። በአውሮፓ ቅቤ ሞልቶ ሳለ እዚህ ለምን ይጠፋል? መልሱ በሁለት ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ ቀረጥና ኮታ። በዕብራይስጥ «ሜኼስ» እና «ሚኽሳ» ይባላሉ። በዜና ደጋግመን እንሰማቸዋለን፤ ወደ ኩሽናችን እንዴት እንደሚገቡ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም።

ከቀረጥ እንጀምር። ቀረጥ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ወደብ ላይ ሲደርስ መንግሥት የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። በ2019 ያለ ልዩ ፈቃድ በሚገባ ቅቤ ላይ የነበረው ቀረጥ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። ሒሳቡ እንዲቀል ቁጥሮቹን እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

አንድ ኪሎ ቅቤ አሽዶድ ወደብ ሲደርስ 20 ሸቀል ያወጣል እንበል። ቀረጥ ከሌለ፣ 18 በመቶው «ማዓም» ብቻ ይጨመርበትና 23 ሸቀል ከ60 አጎሮት ይሆናል። የ100 በመቶ ቀረጥ ካለ ግን መጀመሪያ 20 ሸቀል ተጨምሮ 40 ይሆናል። ከዚያ ማዓም የሚሰላው በ20ው ላይ ሳይሆን በ40ው ላይ ነው። ስለዚህ 47 ሸቀል ከ20 አጎሮት ይሆናል። ገዢው በቀረጡም ላይ ማዓም ይከፍላል ማለት ነው። አስመጪውና ባለ ሱቁ የሚጨምሩት ትርፍ ገና አልተቆጠረም።

አሁን አገር ውስጥ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማምረት 35 ሸቀል ይፈጃል እንበል። ከማዓም ጋር 41 ሸቀል ከ30 አጎሮት ይሆናል። ቀረጥ ባይኖር ኖሮ ይህ ቅቤ 23 ሸቀል ከ60 ከሚያወጣው ጋር መወዳደር አይችልም ነበር። ቀረጡ ስላለ ግን ይሸጣል፤ እንዲያውም አምራቹ ዋጋውን እስከ 47 ሸቀል ገደማ ከፍ ማድረግ ይችላል። አንድ ኪሎ እንኳን የውጭ ቅቤ ወደ አገር ሳይገባ የሁላችንም ዋጋ ከፍ ብሎ ይቆያል። የውጭው ቅቤ ካልገባ መንግሥትም ከቀረጡ አንድ አጎራ አያገኝም። ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ በቀጥታ ወደ አገር ውስጥ አምራች ይሄዳል። ስለዚህ ቀረጥ ለአምራች የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ የሚከፈለው ግን ከመንግሥት በጀት ሳይሆን ከሱፐርማርኬቱ ገንዘብ መቀበያ ላይ ነው።

ኮታ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የማምረቻ ኮታ ነው። በ2011 በወጣው የወተት ዘርፍ ዕቅድ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የላም እርባታ፣ ማለትም በየሞሻቩና በየኪቡፁ ያለው «ረፈት»፣ በዓመት ስንት ሊትር ወተት በተወሰነው ዋጋ መሸጥ እንደሚችል ተወስኖለታል። ዋጋውም የተተመነው የእርባታዎችን ወጪ መሠረት አድርጎ ነው። ሁለተኛው ከውጭ የማስገቢያ ኮታ ነው። መንግሥት «ይህን ያህል ቶን ያለ ቀረጥ ይግባ፣ ከዚያ በላይ የሚያስገባ ግን ሙሉ ቀረጥ ይክፈል» ይላል።

በዚህ በሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ያለ ቀረጥ ገባ» ሲባል ቅቤው ይረክሳል ብሎ ይጠብቃል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አገሪቱ 5,000 ቶን ቅቤ ጎደላት እንበል፤ መንግሥት ደግሞ 1,000 ቶን ብቻ ያለ ቀረጥ ፈቀደ። የቀረው 4,000 ቶን ቀረጥ ከፍሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ በገበያ ላይ ያለው ዋጋ 47 ሸቀል ገደማ ይሆናል። ያለ ቀረጥ ያስገባው ነጋዴ ቅቤው በ20 ሸቀል የመጣለት ቢሆንም በዚያው ዋጋ ይሸጠዋል፤ ርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። በአንድ ኪሎ 20 ሸቀል ይቀርለታል። በ1,000 ቶን 20 ሚሊዮን ሸቀል ይሆናል። ያ ቁራጭ ወረቀት፣ የኮታው ፈቃድ ራሱ፣ ገንዘብ ነው። ኮታው ዋጋ የሚያወርደው የጎደለውን በሙሉ ለመሙላት ሲበቃ ወይም ፈቃዱን የሚያገኘው ነጋዴ ለሸማቹ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ በጽሑፍ ሲገደድ ነው።

ታዲያ በ2019 ምን ተበላሸ? በአገር ቤት ወተት የናጡ እናቶቻችን ምክንያቱን ከማንም በተሻለ ይረዱታል። ከብዙ ወተት የሚወጣው ቅቤ ትንሽ ነው። የእስራኤል ላም ወተት ስቡ 4 በመቶ ስለማይሞላ ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ያስፈልጋል። ወተቱ በኮታ የተወሰነ ስለሆነ ስቡም የተወሰነ ነው። ያንኑ ስብ ፋብሪካው ለጣፋጭ ክሬም፣ ለልዩ ልዩ አይብ ወይም ለቅቤ ሊያውለው ይችላል። የቅቤው ዋጋ በመንግሥት ተይዞ ነበር፤ የብዙዎቹ ሌሎች ምርቶች ዋጋ ግን ነፃ ነበር። ፋብሪካ ደግሞ ስቡን የበለጠ ወደሚያተርፈው ምርት ይወስደዋል። ያ የፈጠረውን ጉድለት የውጭ ቅቤ እንዳይሞላው ቀረጡ በሩን ይዞ ነበር። ወተቱ በኮታ፣ ዋጋው በትእዛዝ፣ በሩ በቀረጥ ሲያዝ መደርደሪያው ባዶ ቀረ።

መንግሥት ያለ ቀረጥ የሚገባ ኮታ ከፍቷል፤ ነገር ግን ከውጭ ማዘዝ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። አምራች መፈለግ፣ የካሽሩት ተቆጣጣሪ መላክ፣ የጤና ሚኒስቴርን ፈቃድ ማግኘትና በመርከብ ማጓጓዝ ወራት ይፈጃል። በተጨማሪም የውጭው ቅቤ ዋጋ በመንግሥት ያልተወሰነ ስለነበር፣ ሲገባም ብዙ ጊዜ በውድ ዋጋ ተሸጠ።

የዋጋ ቁጥጥር ሲነሳና ቀረጡ ሳይነሳ ሲቀርስ ምን ይሆናል? ለዚህም ምሳሌ አለን። ኮቴጅ አይብ በ2006 ከዋጋ ቁጥጥር ወጣ፤ የውጭ ውድድር የሚገባበት በር ግን አልተከፈተም። ዋጋው እየጨመረ ሄዶ በ2011 ወደ 8 ሸቀል ሲጠጋ ሕዝቡ «አንገዛም» ብሎ ተነሳ፤ ፋብሪካዎቹም ዋጋውን ወደ 6 ሸቀል ገደማ አወረዱ። ልብ በሉ፣ በዚያን ወቅት የላሟ መኖ አልረከሰም። ዋጋውን ያወረደው የሸማቹ እምቢታ ነው። ይህም ቀድሞ የነበረው ዋጋ ከወጪው ይልቅ በውድድር እጦት የቆመ እንደነበር ያሳያል።

የገበሬዎቹን ወገን መስማት ግን ይገባል። ረፈቶቹ በብዛት በገሊላ፣ በጎላን፣ በኔጌቭና በድንበር አካባቢ ናቸው። የብዙ ሞሻቭ ቤተሰቦች ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ትኩስ ወተት በመርከብ ማምጣት አይቻልም፤ በጦርነት ጊዜም ወደብ ሊዘጋ ይችላል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ለትኩስ ወተት የሚሠራው ምክንያት ለቅቤ እኩል አይሠራም። ቅቤ በረዶ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ ተጓጉዞም ጥራቱን አያጣም። ሁለተኛ፣ በቀረጡ የሚጠበቀው ገበሬው ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ወተት የሚያቀነባብሩት ትኑቫ፣ ሽትራውስና ታራ የተባሉ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። የትኑቫ አብላጫ ድርሻ ከ2015 ጀምሮ በቻይናው ብራይት ፉድ እጅ ነው። ገዢው በሱፐር የሚጨምረው ገንዘብ ስንቱ ረፈት ጋ ደርሶ ስንቱ መንገድ ላይ እንደሚቀር ከዋጋው ላይ ማንበብ አይቻልም።

በአውሮፓ ለገበሬው ከመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚከፈልበት መንገድም አለ። ልዩነቱ በተለይ ለእኛ ቤተሰቦች ትልቅ ነው። በጀት የሚሞላው በግብር ነው፤ ብዙ ገቢ ያለው በገቢ ግብር ብዙ ይከፍላል። ቀረጥ ግን በኪሎ ነው። ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ዝቅተኛ ደሞዝ ያለው አባት ሁለት ሰው ብቻ ካለበት ሀብታም ቤት የበለጠ ይከፍላል። በማኅበራዊ ሥራዬ የቤተሰብ በጀት አብረን ስንጽፍ ኪራይ፣ መብራትና አርኖና እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመር አላቸው፤ ይህ ክፍያ ግን መስመር የለውም። «ምግብ» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

በ2025 መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስቴር የወተት ኮታውንና የውጭ ምርት መግቢያውን የሚለውጥ ዕቅድ አቅርቦ ገበሬዎቹ ትራክተር ይዘው መንገድ ላይ ወጥተው ነበር። ክርክሩ በመጣ ቁጥር አንድ ወገን «ርካሽ ይሆናል»፣ ሌላው «እርሻው ይጠፋል» ይላል። አንባቢያን ሁለቱን ወገኖች ሊመዝኑ የሚችሉት በሦስት ጥያቄ ነው። ቀረጡ የተነሳው ለሁሉም ነው ወይስ ለተወሰነ ቶን? ለስንት ጊዜ ነው፤ ነጋዴ አዝዞ የሚያስመጣበት ጊዜስ ይበቃል? ፈቃዱን ያገኘው ማን ነው፣ በምን ዋጋ እንዲሸጥስ ግዴታ አለበት?

መልሱን ለማረጋገጥ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን የ100 ግራም ዋጋ መመልከት ይበቃል፤ ምክንያቱም የውጭው ቅቤ በ200 ወይም በ250 ግራም ስለሚመጣ የጥቅሉ ዋጋ ያሳስታል። ዜናው ከተነገረ ከሦስት ወር በኋላ ያ ቁጥር ካልወረደ፣ ቀረጡ ተነሥቷል፤ ገንዘቡ ግን ወደ እናንተ ሳይሆን ፈቃዱን ወደያዘው ሄዷል ማለት ነው።