ለአረጋውያን የመድኃኒት ሰዓት በግልጽ ይጻፍላቸው



የምኖረው ቦኖሻ ነው። የሻሾጎ ወረዳ ቆላማ በመሆኑ፣ በተለይ በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ አይለየንም። በሰፈሬ ያሉ አረጋውያን ከጤና ጣቢያም ሆነ ከመድኃኒት ቤት ሲመለሱ ፖስታው ላይ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ አንድ መስመር ነው፦ «በቀን 2 ጊዜ ከምግብ በኋላ»። ይህ መስመር ለአረጋዊ ታማሚ አይበቃም፤ አንዳንዴም ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

በወባ መድኃኒቱ በኮአርተም ላስረዳ። ከ35 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ የሚወሰደው 4 ፍሬ ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ በድምሩ 24 ፍሬ። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠዋትና ማታ ነው።

አንድ አባት የመጀመሪያውን 4 ፍሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዋጡ እንበል። ሁለተኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ይህ ቀላል ነው። ወረፋው በዝቶባቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከወሰዱ ግን ሁለተኛው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይውላል። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፤ ፖስታው ደግሞ ቀስቅሷቸው አይልም። ስለዚህ አባታችን እስኪነጋ ይቆያሉ።

በማግስቱም ሌላ ችግር አለ። እኛ ዘንድ ቀን ማለት ፀሐይ ያለችበትም ጊዜ ነውና፣ «በቀን 2 ጊዜ» የተባሉ ሰው ጠዋት ቁርስ ላይና እኩለ ቀን ምሳ ላይ ወስደው ጨረስኩ ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ እስከ ጠዋት ያለ መድኃኒት ይቆያሉ። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ አርቴሜተር ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ በመሆኑ ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ለጥገኛው ፋታ መስጠት ነው።

ሰዓት የሚጽፉ ባለሙያዎችም በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፉት ያው ነው። «8 ሰዓት» የሚለውን አንድ አረጋዊ ከቀኑ 8 እና ከሌሊቱ 8 አድርገው ይረዱታል እንጂ ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ለማለት መሆኑን ከየት ያውቃሉ? «2x1» ብቻ የተጻፈበት ፖስታም አጋጥሞኛል። ሁለት ፍሬ አንድ ጊዜ ይሁን ወይስ አንድ ፍሬ ሁለት ጊዜ፣ እኔም መልሼ መጠየቅ ግድ ሆኖብኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ከምግብ በኋላ» የሚለው ነው። ወባ የያዘው ሰው አፉ ይመርረዋል፤ እህል አይቀምስም። ስለዚህ አረጋውያኑ ፖስታውን አምነው «ምግብ ሳልበላ እንዴት እውጣለሁ?» ብለው ይተዉታል። እውነታው ሌላ ነው። የኮአርተም ሁለተኛው ክፍል ሉሜፋንትሪን በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። ለዚህ ማዕድ መቅረቡ ግድ አይደለም፤ አንድ ስኒ ወተት ወይም ቅቤ የነካ ትንሽ ቡላ ይረዳል። ያም ቢያቅት መድኃኒቱ አይተውም። ወስደው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳቸው ደግሞ ያንኑ መጠን መድገም አለባቸው፤ ለዚያም ተመልሰው ተጨማሪ ፍሬ መቀበል እንደሚችሉ ማንም አይነግራቸውም።

የስኳር መድኃኒቱ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱን ወስደው ምግብ የዘለሉ አረጋዊ ስኳራቸው ወርዶ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ካልበሉ አለመውሰድ ነው። ታዲያ ስለ ምግብ የሚጻፈው ሐረግ በየመድኃኒቱ «ካልበሉስ?» ለሚለው መልስ ካልያዘ ምን ይጠቅማል?

የእኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ብዙዎቹ አረጋውያን የሚናገሩት ሀዲይኛ ነው፤ የአማርኛውን ጽሑፍ የሚያስረዳቸው ትምህርት ቤት ያለ የልጅ ልጅ ነው። አማርኛው ራሱ ድፍን ከሆነ ልጁ ከየት አምጥቶ ያብራራዋል? ለኮአርተም «ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት 4 ፍሬ፤ ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋት 4፣ ማታ 4፤ በወተት፤ ባይበሉም ይውሰዱ፤ ካስመለሰዎት ይመለሱ፤ ቢሻልዎትም 24ቱን ይጨርሱ» ቢባል ግን ልጁ ያለ ችግር ወደ ሀዲይኛ ይመልሰዋል። ማንበብ የሚችል በሌለበት ቤት ከጠዋቱ አጠገብ ፀሐይ፣ ከማታው አጠገብ ጨረቃ መሳል አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ፖስታውን ከመስጠታቸው በፊት «አባባ፣ ማታ ስንት ነው የሚውጡት? ካልበሉስ?» ብለው እንዲጠይቁና መልሱን ከታማሚው አፍ እንዲሰሙ እለምናለሁ። የዞኑ ጤና መምሪያ ደግሞ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ የሚል ባዶ ሣጥን ያለው ፖስታ አሳትሞ ለጤና ጣቢያዎችና ለመድኃኒት ቤቶች ያድል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከቦኖሻ