ክቧ ትዞራለች

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዬ የሆነ ልጅ ስለ ዘገምተኛ ኢንተርኔት የጻፈውን ቀልድ ልኮልኝ "መምህር፣ ለምንድነው ማንም ያልሳቀው?" አለኝ። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ኔትወርኩ ገደለኝ፣ አበድኩ፣ የዓለም መጨረሻ መጣ፣ መሬት ተሰነጠቀች።

ለሱ የመለስኩለትን እዚህም ልጻፈው፤ ሌሎቻችሁም ትጠይቁኛላችሁና።

"ገደለኝ" እና "አበድኩ" ዱሮ ግነት ነበሩ። አሁን ግን ተራ ቃል ሆነዋል። እናት ልጇን "ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ" ስትለው ማን ይቆጥራል? ሰው ሲሰማው የማያስተውለው ግነት አያስቅም። "መሬት ተሰነጠቀች" ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ከቤት ሳይወጡ ተራራ ጫፍ ላይ መገኘት ነው። አንባቢው መንገዱን አልሄደውም። እና መሬት መሰንጠቅን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው?

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

"የልጄን የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ለእናቴ ልላክ ብዬ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተጫንኩት። ክቧ መዞር ጀመረች። ቡና ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦል ቀረበ፤ ክቧ ትዞራለች። ቶና ተጠጣ፣ በረካ ተጠጣ፤ ትዞራለች። ጎረቤቶች መርቀው ወጡ። ልጁ አንደኛ ክፍል ገባ። ድምፁ ጎረነነ። ሽማግሌ ላከ። በሠርጉ ማግስት ስልኬ ጢን አለ፦ 'አልተላከም፤ እንደገና ይሞክሩ።' ወዲያው እናቴ ደወለች። 'የልደቱን ፎቶ መቼ ነው የምትልክልኝ?'"

እስቲ አብረን እንየው። እስከ በረካው ድረስ ውሸት የለም ማለት ይቻላል። ቡና እስኪፈላ ያልተላከ ፎቶ ሁላችንም እናውቃለን። አንባቢው "አዎ፣ እኔም ቤት" እያለ ይከተላችኋል። "አንደኛ ክፍል ገባ" የምትለዋ ናት ዝላይዋ፤ ያኔ ግን እግሩ ለምዷል፣ አብሯችሁ ይዘላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ በሠርጉ ብትጀምሩ ቡናው ሞቶ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የሚለጠጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ። ልጁ ያድጋል፣ ክቧ ትዞራለች። መሃል ላይ እሳተ ገሞራ ወይም የኖኅ ጎርፍ ካስገባችሁ ክሩ ይበጠሳል።

ሦስተኛ፣ ተራኪው አይስቅም፣ አይጮህም። "በጣም" የምትል ቃል የለችም፤ ቃለ አጋኖም የለም። ችሎት ላይ ምስክርነት እንደሚሰጥ ሰው ሰዓቱን ሳይቀር ይናገራል። መጨረሻ ላይ ወደ ትንሿ ነገር፣ ወደ ፎቶዋ ይመለሳል። ያን ሁሉ ዘመን ዞረን እናትየው እዚያው ስትጠብቅ እናገኛታለን። ሳቁ ያለው እዚያ ውድቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ብዙ ሰው ይህ ቀልድ በኔትወርኩ ላይ የሚሳቅ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የሚሳቀው በተራኪው ነው፤ የሃያ ደቂቃ መጉላላትን እንደ ዘመን ስደት በሚያወራው፣ በኔ በራሴ። ቀልዱን የሚሸከመው በጉዳዩ ትንሽነትና በኔ እሪታ ትልቅነት መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ከሌለ ቀልዱም የለም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ እኔም እንደ ብዙ ሰው ስለ እርግብና ስለ ፈረሰኛ መልእክተኛ እቀልድ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ ስለተቆራረጠ የቪዲዮ ጥሪ ሳወራ፣ "እናቴን ለማግኘት ዓመት ፈጀብኝ" ብዬ ቀለድኩ። ጠረጴዛው ሳቀ። ቤተሰቧ መቀሌ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ግን አልሳቀችም። ለእኔ ግነት የሆነው ዓረፍተ ነገር ለእሷ ዜና ነበር። አንድም ቃል ሳይለወጥ።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅሁ። ግነትን ግን አልተውኩም፤ ከዚያ ወዲህ ከመለጠጤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ የምለው ነገር በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት በአንዱ ላይ በእውነት ደርሶ ይሆን? ከደረሰ ርቀቱ የለም፤ ዝም ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

ለተማሪዬም ያልኩት ይህንኑ ነው። መሬቷን ተዋት፣ ከቡናው ጀምር። እናንተም ያልተላከ ፎቶ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ክቧ እስክትቆም አነባለሁ።